የመኪና ግጭትን ለኢንሹራንስ የካሳ ጥያቄ በጽሑፍ ስለ መግለጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ፣ እንዲሁም በቢቸናና በሞጣ በኩል በሚሄደው መስመር ላይ የሚያሽከረክሩ ሰዎች የአደጋ ማሳወቂያ ቅጽ ሲሞሉ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። ትኩረቱ በቅጹ ላይ «አደጋው እንዴት እንደ ደረሰ በዝርዝር ይግለጹ» በሚለው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ብዙ የካሳ ጥያቄ የሚጓተተው በዚህ ክፍል ምክንያት መሆኑን፣ ሰዎች ቅጽ ሲሞሉ በማገዝ ባሳለፍኋቸው ዓመታት አይቻለሁ። መልሶቹን በአንድ ምሳሌ ላይ ለማሳየት ስል ከአማኑኤል ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በአንድ ፒክአፕና በአንድ ሚኒባስ መካከል የደረሰ ግጭት አዘጋጅቻለሁ። ምሳሌው ለማስረዳት የተዘጋጀ እንጂ የማንም ሰው ጉዳይ አይደለም።

የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ለክቶ ንድፍ ካነሣ፣ እኔ ለምን እንደገና እጽፋለሁ?

ፖሊሱ የደረሰው ከግጭቱ በኋላ ነው። የቆሙትን መኪኖች፣ የፍሬን ምልክቱን እና የተሰበረውን መስታወት አይቶ ይለካል፤ ከግጭቱ በፊት በነበሩት ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ውስጥ የሆነውን ግን አላየም። እነዚያን ሰከንዶች የሚያውቁት አሽከርካሪዎቹ፣ ረዳቱ፣ ተሳፋሪዎቹና በመንገዱ ዳር የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኢንሹራንሱ የእርስዎን ጽሑፍ ከፖሊሱ ንድፍ፣ ከመኪናው ጉዳትና ከሌላው ወገን ቃል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመረምረዋል። ስለዚህ ጽሑፍዎ ከእነዚህ ጋር መግጠም ይኖርበታል፤ ለመግጠምም በጣም አስተማማኙ መንገድ ያዩትን፣ የለኩትንና የገመቱትን ለየብቻ መጻፍ ነው። «አየሁ»፣ «ለካሁ» እና «እገምታለሁ» የሚሉት ሦስት ቃላት በትክክለኛ ቦታቸው ከገቡ፣ ግምትዎ በኋላ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ያዩትና የለኩት አብሮ አይወድቅም።

ግጭቱ የደረሰበትን ቦታ «ከአማኑኤል አለፍ ብሎ» ብሎ መጻፍ አይበቃም?

አይበቃም፤ እንዲህ ያለው አገላለጽ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሸፍን ይችላል። ቦታውን ነገ ተነሥቶ በማይሄድ ነገር ይግለጹት፦ የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ ድልድይ፣ በመንገዱ ሥር የሚያልፍ የውሃ ቱቦ ያለበት ግንብ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን መግቢያ ሊሆን ይችላል። የቆመ መኪና፣ የድንጋይ ክምር ወይም የገበያ ድንኳን ምልክት ሊሆን አይችልም። ባሕር ዛፍም ቢሆን ስለሚቆረጥ ብቻውን አያስተማምንም።

አቅጣጫን በተመለከተ «ወደ ግራ» እና «ወደ ቀኝ» የሚሉት ቃላት ብዙ ስሕተት ያስከትላሉ፤ የእርስዎ ቀኝ ከፊት ለፊት ለሚመጣው አሽከርካሪ ግራው ነውና። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ እየሄድሁ ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ቀኝና ግራ የምለው በእኔ የጉዞ አቅጣጫ ነው» ብለው ይጻፉና እስከ መጨረሻው በዚያው ይቀጥሉ።

ሜትር በእጄ አልነበረም። ርቀቱን በምን ልለካ?

በእርምጃ መለካት ይቻላል፣ ነገር ግን «በእርምጃ ለካሁ» ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው። የአዋቂ ሰው የተለመደ እርምጃ ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ በኋላ ሜትር ባለበት ቦታ 10 ሜትር ምልክት አድርገው ስንት እርምጃ እንደሚሆንልዎ ይቁጠሩና ወደ ሜትር ይለውጡት። ገመድ ካለዎት በገመድ ለክተው፣ ቋጥረው ወደ ቤት ይዘውት መሄድና እዚያ በሜትር መለካት ደግሞ የተሻለ ነው።

ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ልክ ያስፈልጋል። አንደኛው በመንገዱ ርዝመት ከቋሚው ምልክት ያለው ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው በመንገዱ ስፋት ከመሃል መስመሩ ወይም ከአስፋልቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። አንዱ ብቻ ከተጻፈ ነጥቡ በወረቀት ላይ ሊቀመጥ አይችልም። የመኪናን ቦታ ሲለኩ ደግሞ «መኪናው» አይበሉ፤ ፒክአፕ ከአምስት ሜትር በላይ ርዝመት አለውና የትኛውን ጫፍ እንደ ለኩ ሳይታወቅ ይቀራል። የፊት ግራ ጎማውንና የኋላ ቀኝ ጎማውን ቢለኩ የመኪናው ቦታም ሆነ የዞረበት አቅጣጫ አብሮ ይታወቃል።

መኪኖቹ የቆሙበትን ቦታ በደንብ ገልጫለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ከሁሉ የሚበልጠው ገና ይቀራል። መኪኖቹ ከግጭቱ በኋላ ያረፉበት ቦታና የተጋጩበት ነጥብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ያረፉበትን ነው፤ ጥፋተኛው የሚለየው ግን በአብዛኛው በግጭቱ ነጥብ ነው።

ምሳሌያችንን እንመልከት። ፒክአፑ ወደ ደምበጫ እየሄደ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሚኒባስ በኩርባው መውጫ ላይ አንድ የፈረስ ጋሪ ሊቀድም ወደ ፒክአፑ ረድፍ ገባ፤ ፒክአፑን ሲያይ ወደ ራሱ ረድፍ ሊመለስ መሪውን አዞረ፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ የሁለቱም የፊት ግራ ጥግ ተጋጨ። ሚኒባሱ ጉዞው ወደ ራሱ ረድፍ ስለነበረ ከግጭቱ በኋላ በዚያው ተንሸራቶ በራሱ ረድፍ ውስጥ ቆመ። ፒክአፑ ደግሞ የግራ ጥጉ ስለ ተመታ አፍንጫው ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መሃል መስመሩ ዞሮ ቆመ። አሁን አንድ ሰው ደርሶ የቆሙበትን ብቻ ቢያይ፣ ሚኒባሱ በረድፉ ላይ ነው፣ ፒክአፑ ግን ወደ መሃል ዞሯል፤ ስለዚህ የሌላውን ረድፍ የነካው ፒክአፑ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የፒክአፑ አሽከርካሪ የቆሙበትን ብቻ ጽፎ ቢፈርም ይህን የተሳሳተ ግምት በራሱ እጅ አጸደቀው ማለት ነው።

የግጭቱን ነጥብ የሚያሳዩ ምልክቶች መሬት ላይ አሉ። አንደኛው ከመኪናው ሆድና ከፓራፋንጎው ሥር የረገፈ ደረቅ ጭቃ ነው፤ በጎጃም ክረምት ይህ ጭቃ በብዛት ይገኛል፣ በግጭቱ ቅጽበት ቁልቁል ስለሚወድቅም ከመስታወት ስብርባሪ ይልቅ ለግጭቱ ነጥብ የቀረበ ነው። መስታወትና የመብራት ስብርባሪ በመኪናው ጉዞ አቅጣጫ ስለሚበተን ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው በፍሬን ምልክቱ ላይ የሚታይ ድንገተኛ ስብራት ነው፤ ቀጥ ብሎ የመጣው ጥቁር መስመር በአንድ ቦታ ወደ ጎን ከተጠማዘዘ ጎማው በግጭቱ የተገፋው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው በአስፋልቱ ላይ በብረት የተጫረ አዲስ ጭረት ነው። የራዲያተር ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው መኪናው ያረፈበትን ቦታ ነው፤ ቆሞ ሳለ ተንጠባጥቦ ይጠራቀማልና።

በምሳሌያችን ቋሚው ምልክት በመንገዱ ዳር ያለ የውሃ ቱቦ ግንብ ነው፤ የጭቃው ክምር የተገኘው ከዚህ ግንብ ወደ ደምበጫ በኩል 18 ሜትር ላይ፣ ከመሃል መስመሩ 1.2 ሜትር ወደ ፒክአፑ ረድፍ ገባ ብሎ ነው። የፒክአፑ የግራ ጎማ የፍሬን ምልክት ደግሞ ከመሃል መስመሩ 1.1 ሜትር ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ 14 ሜትር ይሄዳል። እነዚህ ሁለት ልኮች አንድ ላይ ሲቀመጡ ፒክአፑ ከረድፉ አለመውጣቱን ያለ ምንም ክርክር ያሳያሉ።

መንገዱ ስለ ተዘጋ መኪኖቹን አንሥተናቸዋል። አሁን ምን ልጻፍ?

ሰው የተጎዳ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ሕክምና ማድረስ ነው፤ መኪኖቹ ግን ፖሊስ ሳይደርስ ከቦታቸው መነሣት የለባቸውም። ጉዳቱ በንብረት ላይ ብቻ ሆኖ፣ ፖሊስ በስልክ እንዲነሡ ፈቅዶ ከሆነ ግን ከማንሣት በፊት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የአራቱን ጎማዎች ቦታ በጠመኔ ወይም በድንጋይ ጭረት አስፋልቱ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከአራቱም አቅጣጫ ከ20 እስከ 30 ሜትር ርቀው ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥም ያ ቋሚ ምልክት እንዲገባ ያድርጉ። ቅርብ ሆነው የሚያነሡት ፎቶ ጉዳቱን ያሳያል እንጂ ቦታውን አያሳይም።

ሳይለካ ተነሥቶ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይጻፉ፦ «መኪኖቹ በዚህ ሰዓት ተነሥተዋል፤ የቆሙበት ቦታ የተገለጸው ከፎቶግራፉና ከማስታወሴ ነው።» በነገራችን ላይ፣ ለማስጠንቀቂያ መንገዱ ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮችና ቅጠሎች ሲሄዱ ያንሡ። ሌሊት ለሚመጣው መኪና ሌላ አደጋ ይሆናሉ።

የመንገዱን ሁኔታ «አዳላጭ ነበር» ብዬ ጽፌአለሁ። ስሕተቱ ምንድን ነው?

«አዳላጭ» የሚለው ቃል መደምደሚያ ነው፤ መርማሪው የሚፈልገው ወደዚያ መደምደሚያ ያደረሰዎትን ነገር ነው። መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር? ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? ዝናቡ ከጀመረ ምን ያህል ጊዜ ሆኖት ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትርፍ አይደለም፤ ከረዥም የደረቅ ጊዜ በኋላ በሚጥለው ዝናብ የመጀመሪያ ደቂቃዎች አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ተደባልቆ ገና ስላልታጠበ፣ ከብዙ ዝናብ በኋላ ካለው ይልቅ መንገዱ ይበልጥ ያንሸራትታል። ከማሳ በከብትና በጋሪ ወደ አስፋልቱ የመጣ ጭቃ ካለ በየትኛው ረድፍ ላይ እንደ ነበረና ምን ያህል ርዝመት እንደ ሸፈነ ይጻፍ። ጠጠር መንገድ ከሆነ የተበተነው ጠጠር በጎማዎቹ መሄጃ ላይ ነበር ወይስ በጠርዙ ብቻ የሚለው ይለያል።

ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚሄደው ያዩት ርቀት ነው። ጉም ከነበረ «ከባድ ጉም» ከማለት ይልቅ «በዚያ ጉም ውስጥ ሁለተኛውን የመብራት ምሰሶ እንጂ ሦስተኛውን ማየት አልቻልሁም» ማለት ይበልጣል፤ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት በኋላ ሊለካ ይችላልና። ወደ ምዕራብ ሲነዱ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባለች፤ ያጋጠመዎት ይህ ከሆነ አቅጣጫውንና ሰዓቱን ይጻፉ። የገበያ ቀን ከነበረ ይህንንም መጥቀስ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም በመንገዱ ላይ ስለነበረው የሰውና የከብት ብዛት ያስረዳል። መንገዱ በትክክል ሲገለጽ ግን ሁለት ስለት እንዳለው ይወቁ፦ መንገዱ እርጥብና የሚታየው ርቀት አጭር እንደነበረ ከጻፉ፣ ቀጥሎ የሚጠየቁት «ታዲያ ፍጥነትዎን ምን ያህል ቀነሱ?» የሚል ነው።

ፍጥነቴን ስንት ብዬ ልጻፍ? እውነቱን ለመናገር ጌጁን አላየሁትም።

በአደጋ ጊዜ ጌጁን የሚያይ ሰው የለም፤ ይህን መጻፍም አያሳፍርም። የሚጎዳው «በቀስታ፣ በ30 እየነዳሁ ነበር» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር መሬት ላይ ካለው ምልክት ጋር ሲጋጭ የቀረውን ጽሑፍ ሁሉ አጠራጣሪ ያደርገዋል።

ፍጥነትን በአንድ ቁጥር ሳይሆን በሁለት ቁጥሮች መካከል፣ ከነመነሻው ይጻፉ። መነሻ ሊሆን የሚችለው የነበሩበት ማርሽ፣ ከግጭቱ ጥቂት ቀደም ብለው ጌጁን ያዩበት ጊዜ፣ ከፊትዎ ይሄድ የነበረ መኪና፣ ወይም በመኪናው ላይ የተገጠመ የጂፒኤስ መከታተያ መዝገብ ነው። ጂፒኤስ ካለ መዝገቡ በቶሎ እንዲወጣ ይጠይቁ፤ በምሳሌያችን ያለው አሽከርካሪ ግን የለውም። «ከኩርባው በፊት ወደ 3ኛ ማርሽ ቀንሼ ነበር፤ ፍጥነቴ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደ ነበረ እገምታለሁ» ብሎ ጽፏል።

ይህን ግምት ከማስገባቱ በፊት ከፍሬን ምልክቱ ጋር ማመሳከር ይችላል። ጎማዎቹ ታስረው የተንሸራተቱበት ርዝመት በሜትር ከታወቀ፣ በዚያ መንሸራተት ብቻ የጠፋው ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር እንዲህ ይሰላል፦

```
ፍጥነት = √(254 × የመንገዱ የመያዝ አቅም × የምልክቱ ርዝመት)
```

የመያዝ አቅሙ በደረቅ አስፋልት ላይ 0.7 አካባቢ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ከ0.4 እስከ 0.5 ያህል ነው። በምሳሌያችን ምልክቱ 14 ሜትር፣ አስፋልቱም እርጥብ ስለሆነ ውጤቱ ከ38 እስከ 42 ይሆናል። ይህ ግን ዝቅተኛው ወሰን ነው፤ ፒክአፑ በምልክቱ መጨረሻ ላይ አልቆመም፣ ገና እየሄደ ነው የተጋጨው። ስለዚህ ከፍሬኑ በፊት የነበረው ፍጥነት ከዚህ በላይ መሆን አለበት፣ «30» ብሎ ቢጽፍ ኖሮም ምልክቱ ብቻውን ያስተባብለው ነበር። በግጭቱ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር ብንል፣ ሁለቱ ፍጥነቶች እንዲሁ አይደመሩም፤ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፣ ውጤቱም ከ43 እስከ 47 ይመጣል። አሽከርካሪው ከጻፈው ከ40 እስከ 50 ውስጥ ነው።

ይህን ስሌት በቅጹ ላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ የባለሙያው ሥራ ነው። የሚጠቅመው የራስዎን ግምት ለመፈተን ብቻ ነው፣ ገደብም አለው። መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ፣ ለምሳሌ በአባይ በረሃ መውረጃ ላይ፣ ያው ርዝመት የሚያሳየው ያነሰ ፍጥነት ነው፤ ዳገት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ነው። ጎማ እንዳይታሰር የሚያደርግ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ጎልቶ የሚታይ ምልክት ላይተዉ ይችላሉ። በእርጥብ አስፋልት ላይ ያለ ምልክትም ደብዛዛ ስለሆነና ዝናቡ ቶሎ ስለሚያጥበው፣ ከሁሉ በፊት ፎቶ መነሣት ያለበት እሱ ነው።

ሌላውን መኪና ከምን ያህል ርቀት እንዳየሁት መጻፍ ግድ ነው?

ግድ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፣ ያላሰቡበት ሰዎችም በዚህ ቁጥር ይጎዳሉ። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 12.5 ሜትር ይጓዛል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍና ፍሬኑ መያዝ እስኪጀምር አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ሲወስድ፣ 19 ሜትር ገደማ ያልፋል። ከዚያ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሙሉ በሙሉ ለመቆም 18 ሜትር ያህል ይጨመራል። በጠቅላላው 37 ሜትር ያህል መሆኑ ነው።

አሁን ያው አሽከርካሪ «ሚኒባሱን ከ200 ሜትር ላይ በረድፌ ውስጥ አየሁት» ብሎ ቢጽፍ፣ መርማሪው «ታዲያ ለምን አልቆሙም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ኩርባውና የባሕር ዛፉ መስመር ዕይታውን ከጋረዱት፣ በእውነት ያየው ከ60 እስከ 70 ሜትር ላይ ነበር። ሁለቱ መኪኖች ወደ እርስ በርሳቸው ሲመጡ ይህ ርቀት ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወደ ቦታው ተመልሰው፣ በደኅና ቦታ ቆመው፣ ከኩርባው መግቢያ ላይ እስከ የት ድረስ እንደሚታይ ቢለኩ ድካምዎ ከንቱ አይቀርም።

የሌላውን መኪና ፍጥነት ልገምት?

ባይገምቱ ይሻላል። ፊት ለፊት የሚመጣን መኪና ፍጥነት ሰው በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ የሚችለው በጣም በጥቂቱ ነው፤ የሚታየው የመኪናው መጠን መጨመር ብቻ ስለሆነ። «በ100 ይከንፍ ነበር» ከማለት ይልቅ ያዩትን ይጻፉ፦ ጋሪውን እየቀደመ ነበር፣ የፊት መብራቱ በርቶ ነበር ወይም አልበራም፣ ክላክስ ሰምቻለሁ ወይም አልሰማሁም፣ አፍንጫው ሲደፋ አይቻለሁ ወይም አላየሁም። አፍንጫ መድፋት ፍሬን መያዙን ያመለክታል። የጋሪው ነጂ ምስክር ሊሆን ስለሚችል ስሙንና ቀበሌውን እዚያው ይመዝግቡ፤ በኋላ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የመኪናውን ጉዳት እንዴት ልዘርዝር?

«የፊት ለፊቱ ተጎድቷል» የሚለው ለጋራዡም ለገማቹም አይጠቅምም። በመጀመሪያ በቀጥታ የተመታውን ይጻፉ፣ ቀጥሎም ሳይመታ በግፊቱ ብቻ የተጎዳውን። በምሳሌያችን በቀጥታ የተመቱት የፓራውልቱ የግራ ግማሽ፣ የግራ የፊት መብራት፣ የግራ ፓራፋንጎና የኮፈኑ የግራ ጥግ ናቸው። የግራ በር ግን ሳይነካ ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት ጠብቦ አልከፈት ብሏል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ጉዳት ሻንሲው ተጣሞ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ ካልተጻፈ ደግሞ በኋላ «በሩ በአደጋው አልተነካም» ተብሎ ሊቀር ይችላል።

የጉዳቱን ከፍታ ከመሬት ይለኩ፣ ግፊቱም ከየት ወደ የት እንደሆነ ይግለጹ። በእርስዎ መኪና ላይ ከመሬት 50 እና 90 ሳንቲ ሜትር መካከል ያለው ጉዳትና በሌላው መኪና ላይ ያለው ከፍታ ከተመጣጠነ፣ ግጭቱ በሁለቱ መካከል መሆኑ በዚህ ይረጋገጣል። የሌላው መኪና ቀለም በእርስዎ ላሜራ ላይ ተላልፎ ከሆነ ከማጠብዎ በፊት ፎቶ ያንሡት።

አሮጌ ጉዳት ካለ ራስዎ ቀድመው ይናገሩ። የዛገ ጭረት፣ በውስጡ አቧራ የጠገበ ስንጥቅ ወይም የደበዘዘ ቀለም የዛሬ አለመሆኑን ገማቹ በአንድ ዕይታ ያውቀዋል። «በኋላ ስቶፕ ላይ ያለው ስንጥቅ ከዚህ አደጋ በፊት የነበረ ነው፤ ካሳ አልጠየቅሁበትም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለቀረው ዝርዝር ተአማኒነት ይሰጠዋል። በመጨረሻም «ተፈትቶ ሲታይ የሚገኝ የውስጥ ጉዳት ሊኖር ይችላል» ብለው ይጨምሩ፤ ኢንሹራንሱ ሳያይ ግን ማስጠገን አይጀምሩ፣ የተለወጡትንም ዕቃዎች አይጣሉ።

በቅጹ ላይ ያለው ሰዓትና በስልኬ ፎቶ ላይ ያለው አልገጠመም አሉኝ።

ይህ እኛ ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 የተነሣ ፎቶ በስልኩ መዝገብ ላይ 16:20 ተብሎ ይቀመጣል፤ ነሐሴ 12 ደግሞ ኦገስት 18 ሆኖ ይታያል። «ሰዓቱና ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብለው ይጻፉ፣ «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውንም አይተዉ።

መኪናው የእኔ ነው፣ ያሽከረክር የነበረው ግን ሌላ ሰው ነው። ማን ይጻፈው?

የአደጋውን ሁኔታ አሽከርካሪው በራሱ ቃል ጽፎ ይፈርም። መጻፍ የማይችል ወይም ተጎድቶ የተኛ ከሆነ ሌላ ሰው የነገረውን ይጻፍለት፣ «እርሱ እንደ ነገረኝ» የሚለውም በግልጽ ይቀመጥ። ባለቤቱ ያላየውን «አየሁ» ብሎ መጻፍ የለበትም።

የተሟላ ጽሑፍ ምን ይመስላል?

የምሳሌያችን አሽከርካሪ ያቀረበው እንዲህ ነው።

«ነሐሴ 12 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ (ቀኑም ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ፒክአፑን እያሽከረከርሁ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ፣ አማኑኤልን አልፌ እየሄድሁ ነበር። ቀኝና ግራ የምለው በእኔ የጉዞ አቅጣጫ ነው። መንገዱ ሁለት ረድፍ ያለው አስፋልት ሲሆን በዚያ ቦታ ሜዳማ ነው፤ ዝናብ ከጀመረ 15 ደቂቃ ያህል ሆኖት ስለነበር እርጥብ ነበር። ከፊቴ ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፣ በግራ በኩል ያለው ባሕር ዛፍም ዕይታን ይጋርዳል። ከኩርባው በፊት ወደ 3ኛ ማርሽ ቀንሻለሁ። ጌጁን በዚያ ቅጽበት አላየሁም፤ ፍጥነቴ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር እንደ ነበረ እገምታለሁ። ከ60 እስከ 70 ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ አንድ ሚኒባስ የፈረስ ጋሪ እየቀደመ በእኔ ረድፍ ውስጥ ሲመጣ አየሁ። ፍሬን ያዝሁ፤ ረድፌንም አልለቀቅሁም። ሚኒባሱ ወደ ረድፉ ለመመለስ ሲዞር አይቻለሁ፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ የእኔ የፊት ግራ ጥግና የእርሱ የፊት ግራ ጥግ ተጋጩ። ፍጥነቱን መገመት አልችልም።

«ልኮቹን የወሰድሁት በገመድ ነው፤ መነሻዬ በቀኝ በኩል ያለው የውሃ ቱቦ ግንብ ሲሆን፣ ሁሉም ከግንቡ ወደ ደምበጫ በኩል ናቸው። የግራ የፊት ጎማዬ የፍሬን ምልክት ከ3 ሜትር ጀምሮ እስከ 17 ሜትር ይደርሳል፤ ከመሃል መስመሩ 1.1 ሜትር በረድፌ ውስጥ ነው፣ መጨረሻው ላይም ይጠማዘዛል። ከመኪኖቹ ሥር የረገፈው ጭቃ 18 ሜትር ላይ፣ ከመሃል መስመሩ 1.2 ሜትር በረድፌ ውስጥ ነው። ፒክአፑ የፊት ግራ ጎማው 16 ሜትር ላይ፣ አፍንጫው ወደ መሃል መስመሩ ዞሮ፣ የኋላ ቀኝ ጎማው በመንገዱ ትከሻ ላይ ሆኖ ቆሟል። ሚኒባሱ የፊት ግራ ጎማው 11 ሜትር ላይ፣ ከመሃል መስመሩ 0.4 ሜትር በራሱ ረድፍ ውስጥ ቆሟል። ፎቶግራፎቹ የተነሡት መኪኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ነው።»

በጽሑፉ ውስጥ «ጥፋቱ የእርሱ ነው» የሚል ቃል እንደሌለ ያስተውሉ። ከመሃል መስመሩ 1.2 ሜትር ገብቶ የተገኘው ጭቃ ይህን ይናገራል። በዚያው ልክ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብሎ መጻፍም ሆነ በቦታው ላይ በወረቀት መፈረም አይገባም፤ የመድን ውሎች ባጠቃላይ ያለ ኢንሹራንሱ ፈቃድ ኃላፊነት መቀበልን ይከለክላሉ።

ካስገባሁ በኋላ የጻፍሁት ስሕተት መሆኑን ባውቅስ?

ቀኑን ጠቅሰው የማስተካከያ ደብዳቤ ያስገቡ፣ ቅጂውም ላይ ማኅተም ይጠይቁ። የቀድሞውን ቅጽ አስመልሶ መሰረዝ ወይም ቁጥሩን በላዩ ላይ መቀየር አይገባም። በደብዳቤው ላይ የቀድሞው ቁጥር ምን እንደ ነበረ፣ አዲሱ ምን እንደ ሆነና በምን ምክንያት እንደ ተቀየረ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ርቀቱን 25 ሜትር ብዬ ነበር፤ በእርምጃ ገምቼ ነው፤ በማግስቱ በሜትር ስለካው 18 ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ማለት ይበቃል።